ፀጉሯን ብቻ መርጬ ፊቷ ለምን ይቀየራል?

ማርቆስ ፎቶ · ማክሰኞ ማታ 2:20

ሰላም ናችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። አሮጌ ፎቶ ሳድስ ዓመታት አልፈዋል፤ ድሮ በክሎን ስታምፕ ነበር፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል የሚሠራውን ኮምፊ ዩአይ ጭኜ፣ የመረጥኩትን ቦታ ብቻ እንደ አዲስ የሚሥለውን ኢንፔይንት ጀምሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከቢቸና የእናቷን ፎቶ ይዛ መጣች። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ለተዝካር ተለቅ ብሎ እንዲታተምላት ነው የምትፈልገው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር ከቆርቆሮው የወረደ ውሃ የላይኛውን ክፍል አበላሽቶታል። እድፉ በአብዛኛው ያረፈው ሹሩባው ላይ ነው፤ በግራ በኩል ብቻ ትንሽ ወደ ግንባሯ ወርዷል። ፊቷን ግን አልነካውም፤ ዓይኗ ላይ ያለው ብርሃን እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል።

ፀጉሩን ብቻ ማስክ አድርጌ አሠራሁት። ሹሩባው ቆንጆ ወጣ። ልጅቷ ገና ስታየው «ይቺ እናቴ አይደለችም። የእናትሽ እኅት ናት ብትለኝ ግን አምንሃለሁ» አለችኝ። አፍጥጬ ሳየው እውነቷን ነው። ፊቱን በብሩሽ ጫፍ አልነካሁትም! ምን ሆኖ ነው?

ስካኑ 1200 በ1600 ነው፤ ወደ 768 በ1024 አሳንሼ አስገባዋለሁ። ሰንሰለቱን ከሌላ ሰው ነው ያወረድኩት፦ Load Image፣ ከዚያ VAEEncodeForInpaint፣ ከዚያ KSampler፣ VAE Decode፣ Save Image። denoise 1.0 ነው።

---

የቡሬ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2:41

ወንድማለም፣ ችግሩ እዚያው ጽፈኸዋል። denoise 1.0 ማለት «ሁሉንም አፍርሰህ እንደ አዲስ ሥራ» ማለት ነው። ወደ 0.3 አውርደው፣ ፊቷ ይመለሳል። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው። መጨረሻ ላይ ፊት የሚያጠራውን CodeFormer የምታስኬድ ከሆነም ተወው፣ እሱ የሁሉንም ሰው ፊት አንድ ዓይነት ነው የሚያደርገው።

---

ማርቆስ ፎቶ · ማክሰኞ ማታ 3:15

CodeFormer አልነካሁም። 0.3 አድርጌ አየሁት፤ ሹሩባው የነበረበት ቦታ ግራጫ ጭቃ ሆኖ ቀረ፣ ፊቷ ደግሞ አሁንም ያው የአክስትየዋ ነው። ብሶ ቁጭ አለ።

---

ዓባይ ማዶ · ማክሰኞ ማታ 4:02

የቡሬው ወንድማችን ስለ CodeFormer ልክ ነው። denoise ግን የሚገዛው ማስኩ ውስጥ ያለውን ነው። ከማስኩ ውጭ ያለው ፊት በ1.0ም ሆነ በ0.3 ያው ነው የሚደርስበት። ግራጫው ጭቃ የመጣውም ሌላ ቦታ ነው፤ VAEEncodeForInpaint ማስክ ያደረግኸውን ቦታ አስቀድሞ ግራጫ ቀብቶ ነው የሚያስገባው። በ1.0 ግራጫው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፣ በ0.3 ግን አብሮህ ይቀራል።

ፊቷን የቀየረው ሞዴሉ ፀጉር ሲሥል አይደለም፤ ሥዕሉ ሲገባና ሲወጣ ነው። ሞዴሉ ፒክስል አያይም። VAE የሚባለው ክፍል ሥዕሉን በርዝመትም በወርድም ወደ አንድ ስምንተኛ አጥፎ ነው የሚሰጠው፤ የአንተ 768 በ1024 ውስጥ ሲደርስ 96 በ128 ሆኗል። ሥራው ሲያልቅ ያንን መልሶ ይዘረጋዋል፣ ሲዘረጋ ደግሞ የጎደለውን በግምት ይሞላል። ይህ ማስኩን አያውቅም። ሙሉውን ፎቶ አጥፎ ሙሉውን ይዘረጋል፣ ፊቷንም ጨምሮ።

አሁን የእናትየውን ዓይን አስብ። ፊቷ ስካኑ ላይ ስንት ፒክስል ይሰፋል?

---

ማርቆስ ፎቶ · ማክሰኞ ማታ 4:10

400 ገደማ። አንዱ ዓይን 60 ይሆናል።

---

ዓባይ ማዶ · ማክሰኞ ማታ 4:31

አሳንሰኸዋልና ዓይኑ 38 ሆኖ ነው የገባው። በ8 ሲካፈል አምስት የማይሞሉ ካሬዎች ናቸው። የሽፋሽፍቷ መስመር፣ የዓይኗ ጥግ፣ ያ ያልከው ብርሃን፣ ሁሉም በአምስት ካሬ ወርድ ተይዞ ነው የተመለሰው። «ዓይኗ ነው፣ ግን አይደለም» የሚባለው ከዚያ ይመጣል። ሞዴሉ ባይሠራ እንኳ ፎቶውን አስገብተህ ዝም ብለህ ብታወጣው ትንሽ ይቀየራል። VAE Encodeን በቀጥታ ከVAE Decode ጋር አገናኝና ራስህ እየው።

መፍትሔው የወጣውን ሥዕል እንዳለ አለመቀበል ነው። ከውስጡ ፀጉሩን ብቻ ቆርጠህ ዋናው ስካን ላይ ትለጥፋለህ። ኮምፊ ውስጥ ImageCompositeMasked ይባላል። destination ላይ ዋናውን፣ source ላይ ከVAE Decode የወጣውን፣ mask ላይ ማስክህን ሰካ። አንድ ነገር ልብ በል፦ destination ያ 1200 በ1600 የሆነው ስካን ይሁን፣ የተቀነሰው አይደለም። የወጣውን መልሰህ ወደ 1200 በ1600 አሳድገህ፣ ማስኩንም በዚያው ልክ አድርገህ ነው የምትለጥፈው። ያኔ ፊቷ ከስካኑ የመጣው ራሱ ይሆናል፣ ቅጂው አይደለም።

ያወረድከው ሰንሰለት ይህ ክፍል የለውም። ብዙዎቹ የላቸውም፤ ሰው ለመልክዓ ምድር ሠርቶ ያጋራውን ነው ለሰው ፊት የምንጠቀምበት። ተራራ ትንሽ ቢቀየር የሚያውቅበት የለም።

---

ዳንግላ ፀጉር ቤት · ረቡዕ ጠዋት 1:50

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ደንበኛ ከመቆረጡ በፊት በስልኬ አሳየዋለሁ። ፀጉሩን በጣቴ እመርጥና «ፌድ አድርግ» እላለሁ። ልጁ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ቆዳውም ይቀላል። አንዱ «ይህን ፊትም ትሠራለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ዘንድ ግን እናንተ የምትሉት ማስክ የሚባል ነገር የለም። የት ነው የምፈልገው?

---

ዓባይ ማዶ · ረቡዕ ጠዋት 2:25

አታገኘውም። አንዳንድ የስልክ መተግበሪያ በጣት የመረጥከውን እንደ ጥቆማ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ሙሉውን ፎቶ እንደ አዲስ ይሥለዋል። እዚያ የሚስተካከል ማስክ የለም። የምትችለው የወጣውን ከቀድሞው በላይ በሁለት ሌየር ደርበህ የላይኛውን ፊት በላጲስ ማጥፋት ነው፤ ያውም ጭንቅላቱ ቦታውን ካልለቀቀ። ብዙ ጊዜ ይለቃል።

---

ፖሊ 3ኛ ዓመት · ረቡዕ ቀትር 6:40

ባሕር ዳር ነኝ፣ ኮምፒውተር ነው የምማረው። ከመከራከር በፊት የተቀየረውን ቦታ መለካት ይቻላል፦

```python
from PIL import Image, ImageChops
a = Image.open("orig.png").convert("RGB")
b = Image.open("new.png").convert("RGB")
d = ImageChops.difference(a, b)
d.point(lambda v: min(255, v * 10)).save("diff.png")
```

ያልተቀየረው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በ10 ያባዛሁት ልዩነቱ ደካማ ስለሚሆን በዓይን ስለማይታይ ነው። ሁለቱ ፎቶዎች መጠናቸው እኩል፣ ሁለቱም PNG ይሁኑ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ከሆነ መጭመቁ ራሱ ሁሉንም ቦታ ያነጥበዋል፤ በዚያ ተታልዬ አንድ ቀን ሙሉ አባክኛለሁ።

---

ዓባይ ማዶ · ረቡዕ ቀትር 7:05

ጎበዝ። ኮድ የማይሆንለት ሰው ጊምፕ ላይ ሁለቱን ደርቦ የላይኛውን ሌየር ሁነታ Difference ቢያደርገው ያንኑ ያያል። ንባቡ ይህ ነው። ፊቱ ሁሉ ላይ ስስ አመድ ከተነዛ መታጠፍና መዘርጋቱ ነው፣ ያልተለጠፈ ነው ማለት ነው። ከማስኩ ጠርዝ ጎን ብቻ የሚያበራ ቀለበት ካለ የማስኩን ጠርዝ የሚያለሰልሰው ብለር ወደ ፊቱ ፈስሷል። ዓይንና አፍንጫ ልክ በእርሳስ እንደተሣለ በመስመር ብልጭ ካሉ ሥዕሉ ቦታውን ለቋል፤ ወይ መጠኑ ተቀይሯል ወይ እንደ ዳንግላው ወንድማችን ሙሉው እንደ አዲስ ተሥሏል።

---

ማርቆስ ፎቶ · ረቡዕ ማታ 3:30

መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አሁን መጣ። ልዩነቱን አየሁት፤ ፊቷ ሁሉ አመድ ነበር፣ ዓይኗና ከንፈሯ ላይ ይበረታል። ImageCompositeMasked አስገብቼ እንደገና ሠራሁ። አሁን ከቅንድቧ በታች ድቅድቅ ጥቁር ነው፣ አንዲት ነጥብ የለም።

ለልጅቷ ላክሁላት። መልሷን ልንገራችሁ፦ «ተሻሽሏል። ግን አሁንም እሷ አይደለችም፣ ሰውዬ።»

ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ አፉ የእናቷ ራሱ ነው፤ ማሽኑ መስክሯል። ሴትዮዋ ናት ያስቸገረችኝ ወይስ እኔ ነኝ የታወርኩ?

---

የቡሬ ልጅ · ረቡዕ ማታ 3:44

ጥቁር ከሆነ አለቀ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምንም ብታሳየው አይጥመውም። አትምና ስጣት።

---

ጋሽ ሞጣ · ረቡዕ ማታ 4:20

ልጆች፣ እኔ በፊልም ዘመን ኔጋቲቭ ላይ በቀጭን እርሳስ ፊት ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ማሽናችሁ አላውቅም። ሴትዮዋን ግን እመኗት። እናቷን በፒክስል አይደለም የምታውቃት። በእኛ ጊዜ ጌታዬ ያለኝ አንድ ነገር ነበር፦ ግንባር ላይ እርሳስ አታብዛ፣ ሰውዬው ይጠፋብሃል። እስቲ ግንባሯን እየው።

---

ዓባይ ማዶ · ረቡዕ ማታ 4:58

ጋሼ አንድም ሳይስቱ ነው የተናገሩት። ይህ የታወቀ ነገር ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ፓዋን ሲንሃና ቶማሶ ፖጂዮ የተባሉ ተመራማሪዎች የያኔውን ፕሬዝዳንት ክሊንተንንና ምክትሉን አል ጎርን ጎን ለጎን የሚያሳይ ፎቶ አወጡ። ያየው ሰው ሁሉ ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። ነገሩ ግን የጎር ፊት ላይ ያለው ዓይን፣ አፍንጫና አፍ የክሊንተኑ ነበር፤ የተለየው ፀጉሩና የጭንቅላቱ ቅርፅ ብቻ ነው። ሰው ፊትን የሚያውቀው ከነዙሪያው ነው። ስለዚህ ከቅንድብ በታች ጥቁር መሆኑ ብቻውን አይበቃም።

ፀጉር ስትመርጥ የመረጥከው ፀጉር ብቻ አይደለም። የግንባሯን ቁመት፣ ፀጉሩ የሚበቅልበትን መስመር፣ የጭንቅላቷን ቅርፅ አብረህ ለሞዴሉ አስረክበሃል። ማስክህ ግንባሯ ላይ የት ድረስ ወርዷል?

---

ማርቆስ ፎቶ · ረቡዕ ማታ 5:12

እንዲዋሃድ ብዬ ከፀጉሩ መስመር ትንሽ አልፌ ነበር የቀባሁት። ለካሁት። በ768ቱ ላይ የእናትየው ግንባር ከቅንድብ እስከ ፀጉር 70 ፒክስል ያህል ነው። የወጣው ላይ 61 ነው። 9 ዝቅ ብሏል!

---

ዓባይ ማዶ · ሐሙስ ጠዋት 2:10

ከስምንት አንዱን እጅ ግንባሯን ቆረጥክባት ማለት ነው። ሹሩባ ጥብቅ ብሎ ሲሠራ ግንባርን ወደ ኋላ ይስባል፣ ሰፊና ክብ ያደርገዋል። ሞዴሉ ደግሞ አብዝቶ ያየው ከፊት ወረድ ያለ ፀጉር ነው፤ ቦታ ከሰጠኸው ያንን ይሞላዋል።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ሁለት ማስክ እይዛለሁ። አንደኛው ሞዴሉን ለሚያሠራው ለKSampler ነው፤ እሱ ሰፋ ይበል፣ አዲሱ ፀጉር የሚያርፍበትን ከጭንቅላቷ በላይ ያለውን ጀርባ ጭምር ይያዝ፣ ሞዴሉ መተንፈሻ ይፈልጋል። ሁለተኛው ለመለጠፊያው ነው፤ እሱ ይጥበብ። ጤነኛ ፀጉር ባለበት ሁሉ ከፀጉሩ መስመር ወደ ኋላ 8 ፒክስል ያህል ሸሽቶ ይጀምር። ያቺ ቀጭን ቅሪት፣ ከነእንጭጭ ፀጉሯ፣ ከእናትየው ከራሷ ትምጣ። GrowMask ላይ expand ቁጥሩን -8 ብትለው ማስኩ ይጠብባል። ግን ዙሪያውን ሁሉ ነው የሚያጠብበው፤ ስለዚህ ግንባር በኩል በእጅ ብትቀባው ይሻላል።

ጠርዙን ለማለስለስ FeatherMask የሚለውን አትመነው፤ ስሙ ያታልላል። የሚያለሰልሰው የሥዕሉን አራት ዳር ነው፣ የማስክህን ቅርፅ አይደለም። ማስኩን ወደ ምስል ቀይረህ በImageBlur አሳልፈህ ወደ ማስክ መልሰው።

እድፉን ደግሞ ለሞዴሉ አትተውለት። ግራጫ የሚቀባውን ክፍል አውጣና ተራ VAE Encodeና SetLatentNoiseMask አድርግ። ያኔ ከሥር ያለው ሥዕል ስለሚገባ እድፉም አብሮ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ በምታውቀው በክሎን ስታምፕ ጤነኛውን ሹሩባ እድፉ ላይ በሻካራው ደርብበት፤ አያምርም፣ አይጨነቅህ። ከዚያ denoise 0.55 ገደማ ላይ አሠራው። ሞዴሉ ያንተን ሻካራ ያስተካክላል እንጂ ከባዶ አይፈጥርም። የቡሬው ልጅ «አውርደው» ያለው እዚህ ላይ ነው የሚሠራው።

---

የቡሬ ልጅ · ሐሙስ ጠዋት 2:30

አየህ፣ ብዬህ ነበር 😀

ግን እኔ የምጠቀመው አውቶማቲክ 1111 የሚባለውን ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ራሱ መልሶ ይለጥፋል አይደል? ለምንድን ነው እዚያም አንዳንዴ ቅንድብ የሚቀየርብኝ?

---

ዓባይ ማዶ · ሐሙስ ጠዋት 2:52

አዎ፣ ከማስክ ውጭ ያለውን ዋናውን መልሶ ይደርብበታል፤ ለዚህ ነው አንተ የማርቆሱን ችግር ያላየኸው። Mask blur ስንት ነው?

---

የቡሬ ልጅ · ሐሙስ ጠዋት 2:55

16። 4 ላይ ጠርዙ እንደ መቀስ ይታይብኛል።

---

ዓባይ ማዶ · ሐሙስ ጠዋት 3:08

ብለሩ ቁጥሩ ላይ አይቆምም፣ ሁለት ተኩል እጥፍ ድረስ ይሄዳል። 4 ስትል 10 ፒክስል፣ 16 ስትል 40 ፒክስል ከጠርዙ ወዲያም ወዲህም ይፈስሳል። ወደ ጫፉ እየሳሳ ነው፣ ግን ቅንድቡ 25 ፒክስል ላይ ካለ ይደርሰዋል። 16 ከፈለግህ ማስክህን ከቅንድብ 40 አርቀው። ካልተመቸ 6 ወይም 8 ይበቃሃል።

ሌላው፣ ማስኩ ያለበትን ሳጥን ብቻ ቆርጦ የሚሠራውን Only masked የምትል ከሆነ፣ የሳጥኑ ዙሪያ ትርፍ የሆነው Only masked padding 32 ሆኖ ነው የሚመጣው። ማስኩ ፊቱን በግራና በቀኝ የሚከብ ፀጉር ከሆነ 32 አይጎዳም፤ ሳጥኑ ፊቱን በመሐል ስለሚይዝ ሞዴሉ ያየዋል። የጀርባውን ጉንጉን ብቻ ወይም አናቷን ብቻ ከመረጥክ ግን ሳጥኑ ፊቱን ይቆርጠዋል፣ ሞዴሉ ጭንቅላቱ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። «ቆንጆ ሴት ሹሩባ ያላት» ብለህ ከጻፍክበት ደግሞ ጉንጉኑ ውስጥ ትንሽ ፊት ይሥልልሃል። 128 አድርገው፣ ጽሑፉ ላይም ስለ ፀጉሩ ብቻ ጻፍ።

---

ዳንግላ ፀጉር ቤት · ሐሙስ ቀትር 6:15

ጉንጉን ውስጥ ፊት! እኔ ዘንድ አንዴ ጆሮ ላይ ጆሮ ወጥቶ ነበር። በነገራችን ላይ ጎፈሬ የነበረውን ሰው አጭር ስናደርገው የሚወጣው ጆሮ የማን ነው?

---

ዓባይ ማዶ · ሐሙስ ቀትር 6:40

የማንም አይደለም። ፎቶው ላይ ያልነበረውን የትኛውም ቅንብር አይመልሰውም። ፀጉር ስትጨምር ፊትን መጠበቅ ትችላለህ፤ ስትቀንስ ግን ከሥሩ የሚወጣው ሁሉ ግምት ነው።

---

ማርቆስ ፎቶ · ዓርብ ማታ 2:45

ሠራሁት። ሁለት ማስክ፣ ሻካራ ክሎን፣ 0.55። በቀኝ በኩል ሹሩባው ከራሷ ሥር ተነሥቶ ወደ አዲሱ ሲገባ መጋጠሚያውን እኔ ራሴ አላገኘሁትም። የግንባሩ ቁመት 70 ነው። ልጅቷ ሱቅ መጥታ አየችው፤ ዝም አለች፤ ቀኙን በጣቷ ሸፍና ግራውን አየች፣ ግራውን ሸፍና ቀኙን አየች። «በዚህ በኩል እሷ ናት» አለች።

የቀረው ግራው ነው፣ እድፉ ወደ ግንባሯ የወረደበት። እዚያ የሚተርፍ የፀጉር ሥር የለም፤ ውሃው በልቶታል። ቀኙን ገልብጬ ልለጥፈው ወይስ ለሞዴሉ ልተወው?

---

ፖሊ 3ኛ ዓመት · ዓርብ ማታ 3:00

ገልብጠው። ቢያንስ የራሷ ነው።

---

ጋሽ ሞጣ · ዓርብ ማታ 3:35

አልስማማም። የሰው ግራና ቀኝ እኩል አይደለም፣ ብርሃኑም ከአንድ ወገን ነው የመጣው። ገልብጦ የተለጠፈ ግንባር ደብተር ላይ የተጣጠፈ ቀለም ይመስላል። እኔ ብሆን ጥቂት እድፍ እተውለት ነበር። አሮጌ ፎቶ መሆኑን ማን ይጠላዋል?

---

ዓባይ ማዶ · ዓርብ ማታ 4:05

እኔ የገለበጥኩት ጊዜም አለ፣ የተጸጸትኩበትም አለ። ብትገለብጠው እንኳ ቅርፁን ብቻ ውሰድ፣ ጥላውን በእጅህ አስተካክል፤ ሞዴሉ 0.3 ላይ ቆዳውን ብቻ ያዋህድልህ። ከዚያ በፊት ግን ጠይቃት፤ ግራዋ የሚታይበት ሌላ ፎቶ፣ የሰርግም የመታወቂያም ቢሆን፣ የለም?

---

ማርቆስ ፎቶ · ዓርብ ማታ 4:20

ጠይቄያለሁ። የእናቷ የቀበሌ መታወቂያ ታላቅ ወንድሟ ጋ ቢቸና አለ ብላለች። ፎቶዋ ግን በሻሽ ነው መሰለኝ ትላለች። ሻሹ ከግራ ወደ ኋላ ገፋ ያለ ከሆነ ይበቃኛል። ሰኞ በአውቶብስ ይላክልኛል፣ እስከዚያ አላትምም።